ልብሱ ሲቀየር መስመሩ እንዳይለወጥ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፣ ዘንድሮ እመረቃለሁ። የአኒሜ ገጸ ባሕርያትን የሀገር ልብስ እያለበስኩ እሥላለሁ፤ በዚሁ ሙያ መቀጠርም እፈልጋለሁ። ያየው ሁሉ ግን ‹ልብሱ የተለጠፈ ይመስላል› ይለኛል። ዩኒፎርም የለበሰችን የአኒሜ ልጅ የሀገር ቀሚስ አልብሼ የላክሁልዎትን ሥዕል አይተው ምን ላስተካክል?»

ሥዕልህን አጉልቼ አየሁት። ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው። የልጅቷ የፊትና የፀጉር መስመር መሃሉ ላይ ወፈር ይልና ጫፉ ላይ ይሾላል። አንተ የሠራኸው ቀሚስ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ነው። ቀለሙም ድፍን ጥቁር ነው፤ የዋናው መስመር ደግሞ ጠቆር ያለ ቡናማ። ዓይን ይህን ወዲያው ይለየዋል።

ስለዚህ ከመሣልህ በፊት ለካ። ክሪታ በተባለው የመሣያ ፕሮግራም ላይ ሥዕሉን አጉላና የአገጯን መስመር ከብሩሽህ ስፋት ጋር አስተያይ። አገጩ 6 ፒክስል፣ የዩኒፎርሙ እጥፋት 3 ፒክስል ከሆነ የቀሚሱም ዳር 6፣ እጥፋቱ 3 ይሁን። የመስመሩን ቀለም ከራሱ ከሥዕሉ ቅዳ፤ በግምት አትምረጥ።

ቀጥሎ ዋናውን ሳትነካ ቅጂው ላይ ዩኒፎርሙን አጥፋ። ደረቷ ላይ የወረደውን ፀጉርና ጣቶቿን ግን ተው። እዚህ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ዩኒፎርሙ ወገቧንና ጉልበቷን ሸፍኖት ስለነበር፣ ቀሚሱ ምን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። በሌላ ሌየር፣ ማለትም ከሥዕሉ በላይ በሚነጠፍ ባዶ ገጽ ላይ ትከሻ፣ ወገብና ጉልበቷን በስሱ ንደፍ። እጥፋት የሚነሳው ጨርቁ ከተያዘበት ቦታ ነው፤ መቀነቱ ካጠበቀው ወገብ ወደ ታች ይዘረጋል። አንተ ግን እጥፋቱን ቀሚሱ ላይ እንዲሁ በትነኸዋል።

ጥለቱን ክር በክር ሠርተኸዋል። ልፋትህ ይታያል፤ ግን ዓይኗ እንኳ በጥቂት ቅርጾች በተሣለ ገጸ ባሕርይ ላይ ጥለቱ ብቻውን ይጮኻል። በሦስት ወይም አራት ድፍን ቅርጾች አቅልለው፣ እጥፋቱ ጋ ሲደርስም አብሮት ይሰበር። ጥላውም እንደዚያው ነው። ዋናው ሥዕል ድንበሩ ጥርት ያለ አንድ ጥላ ብቻ አለው፤ ያንተ ቀሚስ ላይ ግን ጥላው ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ለነጩ ቀሚስ የሸሚዟን ጥላ ቀለም ውሰድ፣ እዚያው ተዘጋጅቶልሃል።

ስትጨርስ የቀለም ሌየሮቹን ደብቀህ መስመሩን ብቻ እይ። ክሪታ ላይ M ስትጫን ሥዕሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የተዛባ ትከሻ ወይም የተንሻፈፈ ጥለት ቶሎ ይታያል። አዲሱ መስመር የት እንደጀመረ መለየት ከቻልክ ገና ነው።

ስለ ሥራው፦ በአኒሜሽን ብዙ ሠዓሊ አንድ ገጸ ባሕርይ ይሥላል፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን መታወቅ የለበትም። የምትፈተነው በዚህ ነው። ስለዚህ ማሳያህ ላይ ዋናውን፣ መስመሩን ብቻና ያለቀውን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ለመሸጥ ካሰብክ ግን የሰው ገጸ ባሕርይ አይሁን። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ሥራን ቀይሮ የማዘጋጀት መብት የባለቤቱ ነው። የራስህን ገጸ ባሕርይ ፍጠርና በሦስት ልብስ ሣላት። መጀመሪያ መስመሩን ብቻ ላክልኝ፣ ቀለም ሳትቀባው አየዋለሁ።