12 ሺህ ተብሎ 7,710 ሲገባ

«በ12,000 ብር ነው የተቀጠርኩት። የመጀመሪያ ደሞዜ ግን 7,710 ብር ብቻ ገባ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቅናሽ አልገባኝም። እየበሉኝ ነው?»

አልበሉህም ወንድሜ፣ ሒሳቡ ልክ ነው። እስቲ በየመስመሩ እንየው።

1. የሥራ ግብር፣ 2,250። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው እየጨመረ ይሄዳል። ባንተ ደሞዝ አቋራጩ ይሄ ነው፦ 12,000ን በ30 በመቶ አባዛና 1,350 ቀንስ። ጡረታው ቀድሞ አይነሳም፣ ግብሩ የሚሰላው በሙሉ ደሞዝህ ነው።

2. ጡረታ፣ 840። ይሄ 7 በመቶ ነው። አጠገቡ 1,320 የሚል ካየህ አትደንግጥ። እሱ አሠሪው ከኪሱ የሚጨምርልህ 11 በመቶ ነው። እኔ ከኔ የተቆረጠ መስሎኝ ፋይናንስ ክፍል ገብቼ ጮኼያለሁ። እስክወጣ ሳቁብኝ።

3. ወጪ መጋራት፣ 1,200። የዩኒቨርሲቲው ዕዳ ነው፣ ከደሞዝህ 10 በመቶ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ መስመር ነው።

ያኔ ደሞዜ 4,500 ነበር። በየወሩ 450 ብር ለ26 ወር ተቆረጠብኝ፣ 11,700 ብር ማለት ነው። የውጭ ትምህርት ዕድል አገኘሁና ኦርጅናል ዲግሪዬን ልወስድ ሄድኩ። መጀመሪያ ዕዳህን መክፈልህን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ግብር ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን አየችና «በስምህ የገባ ነገር የለም» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ሲቆረጥብኝ ነበር ስላት «ታዲያ የቆረጠህን ጠይቅ!»

የቆረጠኝ ጋ ተመለስኩ። ለካ ሒሳብ ሠራተኛው ቲን ቁጥሬን ሲመዘግብ አንድ አኃዝ ተሳስቷል። ብሩ ገብቷል፣ ግን በሌላ ቁጥር። እኔ ደግሞ የደሞዝ ወረቀቶቼን ጥያቸዋለሁ፣ በእጄ የቀሩት አምስት ብቻ ነበሩ። ድርጅቱ የማስተካከያ ደብዳቤ እስኪጽፍ፣ ቢሮው እስኪቀበል ሦስት ወር ፈጀ። ብሩ በመጨረሻ በስሜ ዞረልኝ። የትምህርት ዕድሉ ቀን ግን አልፎ ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቲን ከቲን ምስክር ወረቀትህ ጋር አስተያየው። አሥሩንም አኃዝ፣ አንድ በአንድ። ወረቀቱ ላይ ከሌለ የመዘገቡትን አሳዩኝ በል። የየወሩን ወረቀት ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። በየስድስት ወሩ ደግሞ ፋይናንስ ሄደህ ወጪ መጋራቱ የተከፈለበትን ደረሰኝና ስምህ ያለበትን ዝርዝር ኮፒ ጠይቅ። ፊታቸውን ያጠቁሩብሃል። እኔ አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት «ደረሰኙ መጣ» እያሉ ያሾፉብኛል፣ ግን ኮፒውን ይሰጡኛል።