«ኩፍኝ 2ኛ ዙር» ባሕር ሲሻገር

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። ልጄን ይዤ ወደ አሜሪካ ልሄድ ስለሆነ የክትባት ካርዱን አስተረጎምሁ። ተርጓሚው ‹ኩፍኝ 2ኛ ዙር› የሚለውን ‹ኤም.ኤም.አር ሰከንድ ራውንድ› አለው። ቀኖቹን ደግሞ ‹ቁጥር አይተረጎምም› ብሎ እንዳሉ ገለበጣቸው። ትክክል ነው? የካርዱን ቅጂ አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ተርጓሚዎ የተረጎመውን ስቷል፤ ያልተረጎመው ግን ከሳተው የባሰ ነው።

ከኩፍኝ ልጀምር። ኩፍኝ አንድ በሽታ ነው፤ እንግሊዝኛው ሚዝልስ ይለዋል። ኤም.ኤም.አር ግን የሦስት በሽታዎች ክትባት ነው፤ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ። ልጅዎ በ2015 ዓ.ም. የተከተበው የኩፍኙን ብቻ ነው፤ ካርዱም ከዚያ በላይ አይልም። የተርጓሚውን ሐሳብ እገምተዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ኩፍኝ ለብቻው ስለማይከተብ፣ የክሊኒኩ ሰው የሚያውቀውን ስም ልስጠው ብሎ ይሆናል። «ትርጉም ማለት አንባቢው የለመደውን ማቅረብ ነው» የሚሉ ምሁራን አሉ። ለልብ ወለድ ይሁንላቸው። በሕክምና መዝገብ ላይ ግን ይህ ደግነት ሐሰት ይሆናል፤ ልጁ ያልወሰደውን የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት እንደወሰደ ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላልና። «ሚዝልስ» ይጻፍ፤ «ብቻውን» የሚልም ይጨመርበት። ነርሷ የቀረውን ራሷ ታውቃለች።

ከዚህም የከፋ አይቻለሁ። አንድ የጎረቤቴ ካርድ ላይ ኩፍኝ «ፈንጣጣ» ተብሎ ተተርጉሞ ነበር። ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታውጆ፣ ክትባቱም ለሕፃናት መሰጠቱ ከቀረ ስንት ዘመን ሆኖታል! ካርዱን ያነበበ የውጭ ሐኪም በዚያ አንድ ቃል የተነሣ የቀረውንም ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

አሁን ወደ «ዙር»፤ እኔን ለመጻፍ ያስነሣኝም እርሱ ነው። ዙር ከ«ዞረ» ነው፤ የሚዞር ሰው ይፈልጋል። ክትባት ሰጪዎች የፖሊዮ ጠብታ ይዘው ቤት ለቤት ሲሄዱ፣ ያ በእውነት ዙር ነው። ልጅዎ ግን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተወጋ፤ የዞረ ቢኖር እናቱ ናት። ለእንዲህ ያለው አማርኛ «ጊዜ» የሚል የታወቀ ቃል አለው፤ «ሁለተኛ ጊዜ ተከተበ» እንላለን። ይህ የእኔ ጣዕም ብቻ ነው ለሚሉኝ ማስረጃው የእርስዎ ካርድ ነው። «ሰከንድ ራውንድ» የሚለውን ያነበበች ነርስ የምታስበው የዘመቻን ዙር ነው፤ በመደበኛው ፕሮግራም የተሰጠ ሁለተኛ ክትባት መሆኑን አታውቅም። እንግሊዝኛው ላይ «ዶዝ» ይባል። አማርኛው ላይ ግን መሸነፌን አውቃለሁ። ባለፈው ሰሞን የገዛ የልጅ ልጄን ላስከትብ ሄጄ «ስንተኛ ጊዜው ነው?» ብል፣ ነርሷ «ስንተኛ ዙር ማለትዎ ነው?» ብላ አረመችኝ።

«ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ከ«ከተፈ» የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ቆዳ ስለሚበጣ ይመስላቸዋል። እኔ አልቀበለውም። «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው፤ ከዐረብኛው «ከተበ» ጋር አንድ ነው፤ በአንገት የሚታሰረው ክታብም ከዚያው ነው፤ ዛሬም በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ይከትባል። በፈንጣጣው ዘመን ክንድ ላይ ተጭሮ የሚቀረው ምልክት እንደ ጽሕፈት ታይቶ ይመስለኛል ስሙ የወጣለት። አሜሪካኖቹ ሳያውቁት በዚህ ይስማማሉ፤ በጽሑፍ ያልሰፈረና ቀን የሌለው ክትባት አይቆጥሩም። ያልተከተበ አልተከተበም ማለት ነው።

እንግዲህ ቀኖቹን እንያቸው። ካርድዎ ላይ የልደት ቀን 12/5/14፣ ኩፍኝ አንደኛ 15/2/15፣ ኩፍኝ ሁለተኛ 17/8/15 ይላል። አሜሪካዊ ወርን ያስቀድማል፤ ስለዚህ ልጁን ዲሴምበር 5 ቀን 2014 ያስወልደዋል። ዐሥራ አምስተኛና ዐሥራ ሰባተኛ ወር ስለሌለው ቀሪዎቹን ፌብሩዋሪ 15 እና ኦገስት 17 ቀን 2015 ብሎ ያነባል። በዚህ ንባብ ልጁ መጀመሪያ የተከተበው በሁለት ወር ከዐሥር ቀኑ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በስምንት ወር ከዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። በአሜሪካ ደንብ ዓመት ሳይሞላ የተሰጠ የኩፍኝ ክትባት፣ ከአራት ቀን ያልበለጠ ጉድለት ካልሆነ በቀር፣ አይቆጠርም። ሁለቱም ይወድቃሉ። ፓስፖርቱን ካየ ደግሞ የባሰ ነው፤ ልጁ ከመወለዱ ሰባት ዓመት ገደማ በፊት ተከትቧል!

እውነቱ ይህ ነው። ጥር 12 ቀን 2014 ጃንዋሪ 20 ቀን 2022 ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2015 ኦክቶበር 25 ቀን 2022፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2015 ደግሞ ኤፕሪል 25 ቀን 2023 ነው። የመጀመሪያው ክትባት በዘጠኝ ወር ከአምስት ቀኑ የተሰጠ ስለሆነ በእኛ አገር ፕሮግራም ትክክል ነው፤ እዚያ ግን አይቆጠርም። ሁለተኛው በዐሥራ አምስት ወር ከአምስት ቀኑ ነውና ለኩፍኝ ይቆጠራል። ተርጓሚዎ ባለመተርጎሙ ያጠፋው ይህንኑ አንዱን ነው።

ሌላው ወጥመድ በደፈናው ስምንት መደመር ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቅምት 2015ን በስምንት ያሻገረ ሰው ኦክቶበር 2023 ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ አንደኛው ክትባት ከሁለተኛው በኋላ ይሆናል። ስሕተቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። የልጁን ዕድሜ በሁለቱም አቆጣጠር ያስሉት፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ከተለያየ ቀኑ ተበላሽቷል።

ካርዱ ላይ ፔንታ የሚለውንም የክትባት ስም ብቻውን አይተዉት። ቃሉ በግሪክ አምስት ከማለት በቀር ምንም አይናገርም፤ አምስቱ፣ ማለትም ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ፣ በየስማቸው ይጻፉ። (ትክትክ እንዴት ያለ ስም ነው! ሳሉን ሰምቶ የወጣ።) በፖሊዮም ረድፍ የትኛው በአፍ የተሰጠ ጠብታ፣ የትኛው መርፌ እንደሆነ ይለይ። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በመደበኛው ፕሮግራም የሚሰጠው ጠብታ ከሦስቱ የፖሊዮ ዓይነቶች ሁለተኛውን ስለማይዝ፣ አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት መርፌውን ብቻ ነው። «ፖሊዮ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ መርፌውም ከጠብታው ጋር ሊጣል ይችላል።

ስለዚህ ረድፉ እንዲህ ይነበብ፦ «ሚዝልስ ብቻውን፣ ሁለተኛ ዶዝ፣ 25 ኤፕሪል 2023፤ በካርዱ ላይ እንደተጻፈው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ 17/8/15»። ወሩ በፊደል ይሁን። ዋናውን ካርድ ከትርጉሙ ጋር ይያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅዎ።