ዕቃውን ደብቂ፣ ችግሩን አሳዪ

ጥያቄ፦ «በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለኮፒራይተርነት አመልክቼ የሙከራ ሥራ ተሰጠኝ። በጣት አሻራ የሚከፈት የበር ቁልፍ ገበያ ሊገባ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳትናገሪ ሰው የሚያጓጓ የ30 ሰከንድ ቲዘር ስክሪፕት ጻፊ ተባልኩ። ‹ሕይወታችሁን የሚቀይር ነገር እየመጣ ነው፤ ዝግጁ ናችሁ?› ብዬ ጀመርኩ። ያነበቡት ጓደኞቼ ሁሉ ‹ጥሩ ነው› ብለው ዝም አሉ። ምን ጎድሎት ነው? በሦስት ቀን ውስጥ ማስረከብ አለብኝ።»

መልስ፦ ጓደኞችሽ ዝም ያሉት የሚጠይቁት ነገር ስላላገኙ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ለስልክም፣ ለሳሙናም፣ ለባንክ ሒሳብም ይሆናል። ለሁሉም የሚሆን ቃል ደግሞ ማንንም አያጓጓም። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጆርጅ ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ጉጉት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጉጉት የሚነሳው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት እንዳለ ስናስተውል ነው ይላል። ክፍተቱ እንዲታይ ደግሞ ተመልካቹ አስቀድሞ የሆነ ነገር ይዞ መገኘት አለበት። አንቺ ሁሉንም ስለደበቅሽበት የጎደለው ምን እንደሆነ ሊያይ አልቻለም።

ስለዚህ የሚደበቀውን አንድ ብቻ አድርጊው። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1984 በአሜሪካን ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦል ላይ የተላለፈውን የአፕል ማስታወቂያ አስቢ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ኮምፒዩተሩ ራሱ አንድም ጊዜ አይታይም። መጨረሻ ላይ ግን የኩባንያው ስም፣ ማኪንቶሽ የሚለው የምርቱ ስምና ጥር 24 የሚለው ቀን በግልጽ ይነገራሉ። የተደበቀው የዕቃው መልክና ሥራ ነው፤ ሰው መቼና ከማን እንደሚጠብቅ ግን ያውቃል።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ እንምጣ። አጻጻፉን ከመጨረሻው ጀምሪ። ምርቱ ይፋ በሚወጣበት ቀን የሚነገረውን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ አስፍሪው፦ «በርህን በጣትህ ትከፍታለህ።» ውስጡ ሦስት ነገር አለ፤ ችግሩ (ቁልፍ መፈለግና መርሳት)፣ ዕቃው (የበር ቁልፍ)፣ መፍትሔው (ጣት)። ዕቃውንና መፍትሔውን ደብቂ፤ ችግሩን ግን ሳትቆጥቢ አሳዪ። ሁሉም ሰው ደርሶበት የሚያውቀው እሱ ነውና።

ስክሪፕቱን በሁለት ዓምድ ክፈይው፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። እኔ ብጽፈው እንዲህ አስኬደዋለሁ። ከ0 እስከ 10 ሰከንድ፦ የአንዲት ሴት ቦርሳ በቅርብ ይታያል፤ እጇ ውስጡን ያተራምሳል፤ ድምፁ የወረቀትና የሳንቲም ነው። ከ10 እስከ 16፦ ዝናብ እየመታው ኪሶቹን ሁሉ የሚዳብስ ሰው፤ የሸሚዙን፣ የሱሪውን፣ እንደገና የሸሚዙን። ከ16 እስከ 20፦ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለ ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ ሙዚቃም ንግግርም የለም። ከ20 እስከ 26፦ ማያው ይጠቁርና ድምፅ ይሰማል፤ «የሚያስፈልጋችሁ ነገር አሁንም አብሯችሁ ነው። አንድም ቀን ረስታችሁት ወጥታችሁ አታውቁም።» የመጨረሻዎቹ 4 ሰከንዶች ለቀኑና ለኩባንያው ሎጎ ይሁኑ።

በር የለም፤ ቁልፍ የለም። ቢሆንም የተነገረው ሁሉ እውነት ነው። ጥሩ እንቆቅልሽ መልሱ ሲታወቅ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ሆኖ እንደሚገኝ፣ ይህም ምርቱ ከወጣ በኋላ ቲዘሩን ደግሞ የሚያየው ሰው «ለካስ ጣቴን ነው!» እንዲል ያደርገዋል። ተመልካቹን በሐሰት ፍንጭ ማሳሳት ቀላል ነው፤ መልሱ ሲወጣ ግን እንደተታለለ ይሰማዋል፤ ቀጣዩን ማስታወቂያም በጥርጣሬ ያየዋል።

አንድ ቃል እንዴት ሁሉን እንደሚያጋልጥ ተመልከቺ። «አብሯችሁ ነው» በሚለው ቦታ «እጃችሁ ላይ ነው» ብትዪ ቀልጣፋ ተመልካች የጣት አሻራ ላይ ይደርሳል። ካሜራው በሚዳብሰው ሰው ጣት ላይ ሁለት ሰከንድ ቢቆይም ውጤቱ ያው ነው። የሴትዮዋ እጅ ከቦርሳው ቁልፍ ይዞ ከወጣ ደግሞ ምርቱን በመጀመሪያው ትዕይንት ነገርሽ ማለት ነው። ከስክሪፕቱ ውጭ ያሉትንም አትርሺ፤ ከቪዲዮው ጋር የሚለጠፈው ጽሑፍና የፋይሉ ስም ምስጢሩን እንዳያወጡ ማስታወሻ አስቀምጪ። ገምጋሚው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲያይ ሥራውን እንደምታውቂ ይገባዋል።

ከጻፍሽ በኋላ እየተወንሽ ጮክ ብለሽ አንብቢውና በሰዓት ለኪው። በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ40 ቃል በላይ የሚነገር ካለ ለምስሉ ቦታ አልተውሽለትም። ቀጥሎ ስለ ሥራው ምንም ለማያውቁ አምስት ሰዎች አስነብቢ። «ወደድከው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ያ ጥያቄ «ጥሩ ነው» ከሚል ጨዋነት በቀር ምንም አያመጣም። «የሚመጣው ዕቃ ምን ይመስልሃል?» በያቸው። አምስቱም «የበር ቁልፍ» ካሉ ብዙ ገልጠሻል። አንዱ መኪና፣ አንዱ ሻምፖ፣ አንዱ ኢንሹራንስ ካለ ምንም አልሰጠሽም። የምትፈልጊው ሁሉም ከመርሳትና ከመፈለግ ጋር የተያያዘ ነገር እንደሆነ ተስማምተው ስለ ዕቃው ሲከራከሩ ነው፤ አንዱ ኪስ ቦርሳ፣ ሌላው የጠፋ ዕቃ መፈለጊያ፣ ሌላው ስልክ ሲል። አንዱ ቁልፍ ቢል አትደንግጪ፤ እርግጠኛ አለመሆኑ ይበቃል።

«ሕይወታችሁን የሚቀይር» የሚለውን ግን ያለ ማመንታት ሰርዢው። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ «ጂንጀር» በሚል የምስጢር ስም የሚጠራ ፈጠራ ወሬው ሾልኮ ወጣ። ታዋቂ ሰዎች ስላደነቁት ግምቱ ወራት ሙሉ እየናረ ሄደ። በታኅሣሥ ሲገለጥ ሰው ቆሞ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ሴግዌይ ነበር። ሚዛኑን ራሱ የሚጠብቅ ድንቅ ማሽን ቢሆንም ሰዉ በልቡ ከሳለው ጋር ሊወዳደር አልቻለም፤ ሽያጩም ከተጠበቀው በጣም አነሰ። ለዚህ ዋጋውና ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ የተጋነነው ተስፋ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጎዳው። የበር ቁልፍ ሕይወት አይቀይርም፤ ዝናብ ላይ ኪስ መዳበስን ያስቀራል። ቃል የምትገቢው ያንን ብቻ ይሁን።

ቀኑንም «በቅርብ ቀን» ብለሽ አትለፊው። ቁርጥ ያለ ቀን ካልተሰጠሽ በቅንፍ «የይፋ ማድረጊያ ቀን እዚህ ይገባል» ብለሽ ቦታውን ያዢ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ በቲዘሩና ይፋ በሚሆንበት ቀን መካከል ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲቆይ አልመክርም፤ ሰው ጥያቄውን ይረሳዋል።

ስታስረክቢ ስክሪፕቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከሥሩ ምን እንደደበቅሽ፣ ምን እንደሰጠሽና ለምን እንደሆነ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። በቃለ መጠይቁ «ደንበኛው ምርቱ ይታይ ቢልሽስ?» ተብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ከአምስቱ ሰዎች ያገኘሽውን ግምት አስደግፈሽ መልሺ፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ ከ«ይህ የተሻለ ይመስለኛል» በላይ ያሳምናል። ምርቱ እውነተኛ ሆኖ ገና ያልወጣ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱን በጽሑፍ ሳታስፈቅጂ ስክሪፕቱን በሥራ ስብስብሽ ውስጥ እንዳታወጪው።