መጀመሪያ በምን እንደምታካፍል ለይ

«የገጻችንን አናሊቲክስ በስክሪንሾት ነው የሚልኩልኝ። የእያንዳንዱን ፖስት ኢንጌጅመንት ሬት እንዴት ላስላ? ጥሩውን የመለጠፊያ ሰዓትስ ከዚሁ ማወቅ ይቻላል?»

ወንድሜ፣ በስክሪንሾት የሚልክልህ አለቃ ካለህ የኔ ጣጣ አይቀርልህም። ስለዚህ ልንገርህ።

1. በሪች አካፍል። ኢንስታግራም ላይ Views እና Accounts reached ለየብቻ ናቸው። አንድ ሰው ቪዲዮህን ሦስት ጊዜ ቢያየው ቪው ሦስት ይቆጠራል፣ ሪች ግን አንድ ነው። 180 ላይክ፣ 22 ኮሜንት፣ 30 ሴቭ፣ 8 ሼር ያገኘ ፖስት አለህ እንበል። ድምሩ 240 ነው። ሪቹ 4,000 ከሆነ 6 በመቶ ይወጣል። በቪው፣ በ7,500 ብታካፍለው ግን ያው ፖስት 3.2 በመቶ ይሆናል። ኤክሴል ላይ ሪቹን B፣ አራቱን ቁጥሮች ከC እስከ F አስገባና፦

```
=SUM(C2:F2)/B2*100
```

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ገጹን የምሠራለት ሰውዬ ግማሾቹን ስክሪንሾቶች ሪቹን ቆርጦ አነሳቸው። ከዚያ ባገኘው ቁጥር እያካፈለ «ገጹን ገደልከው» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ሪቹ ያለበትንና የተቆረጠበትን ምስል ጎን ለጎን አድርጌ ሳሳየው ዝም አለ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም! ከዚያ ወዲህ ሪቹ የማይታይበትን ምስል አልቀበልም፣ መልሼ እልከዋለሁ።

2. የፖስቶቹ ዕድሜ እኩል ይሁን። ትናንት የተለጠፈውን ከወር በፊት ከተለጠፈው ጋር አታወዳድር፤ የትናንቱ ገና እየሰበሰበ ነው። እኔ ሁሉንም በተለጠፉ በ7ኛው ቀን አስነሳለሁ። በክፍያ የተገፋ ፖስት ካለም ለብቻው አስቀምጠው፣ ሪቹ የተገዛ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሸወድበት ነገር አለ። ስክሪንሾቱ አናት ላይ ያለው ሰዓት ምስሉ የተነሳበት እንጂ ፖስቱ የተለጠፈበት አይደለም። ሰውዬው በዚያ ሰዓት ሙሉ ሰንጠረዥ ሠርቶ ነበር፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የተለጠፈበትን ሰዓት ለብቻው ጠይቀህ መዝግብ።

ከዚያ ፖስቶቹን በሰዓት መድባቸው። አማካይ ግን አትውሰድ። የማታዎቹ 4፣ 5 እና 15 በመቶ፣ የጠዋቶቹ 6፣ 6 እና 7 በመቶ ናቸው እንበል። በአማካይ ማታው 8 ሆኖ ያሸንፋል። 15 ያመጣው ግን የሽልማት ፖስት ከሆነስ? ያ የሽልማቱ ሥራ እንጂ የሰዓቱ አይደለም። መካከለኛውን ቁጥር ብትወስድ ማታው 5፣ ጠዋቱ 6 ነው። ኤክሴል ላይ MEDIAN የሚባለው ይሄንን ይሠራልሃል።

ሦስት ሦስት ፖስት ደግሞ ለመፍረድ ያንሳል። Most active times የሚለውም ተከታዮችህ መቼ ስልካቸው ላይ እንዳሉ ብቻ ነው የሚነግርህ፤ ላይክ ያድርጉ አያድርጉ አያውቅም። ከዚያ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ምረጥና ተመሳሳይ ዓይነት ፖስት እያፈራረቅክ ለጥፍባቸው። በየሰዓቱ አሥር አሥር እስኪሞላ አለቃህን «ገና ነው» በለው።