ሁለት ቦታ ለሚታጠፍ ብራኬት ላሜራው ስንት ይቆረጥ?

«ጋሼ፣ ከ2 ሚሊ ላሜራ የዩ ቅርጽ ያለው ብራኬት እየሠራሁ ነው። ከውጭ ሲለካ እግሮቹ 40፣ መሃሉ 60 ሚሊ መሆን አለበት። 140 ቆርጬ፣ ከሁለቱም ጫፍ 40 ላይ አስምሬ፣ መስመሩን ፓንቹ ስር አድርጌ አጠፍኩት። እግሮቹ 41.8፣ መሃሉ 63.5 ሆነብኝ። መቀነስ እንዳለበት ሰምቻለሁ፤ ግን ስንት?» ከአዳማ

የተበላሸችውን ብራኬት አትወርውራት፤ የምትፈልገው ቁጥር እሷ ላይ አለ። 41.8፣ 63.5 እና 41.8 ሲደመሩ 147.1 ይመጣሉ። የቆረጥከው 140 ነበር፤ የተረፈው 7.1 በሁለት መታጠፊያ ሲካፈል 3.55 ሚሊ ይሆናል። በአንተ ማሽን፣ በዚያ ላሜራ፣ ለእያንዳንዱ ቀጥ ያለ ማእዘን የሚቀነሰው ይህ ነው። ስለዚህ 140 ሲቀነስ 7.1፣ ማለትም 132.9 ሚሊ ቁረጥ።

ቁጥሩ የመጣው እንዲህ ነው። ላሜራ ሲታጠፍ የውጭ ፊቱ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። በመካከል የማይረዝምም የማያጥርም መስመር አለ፤ ርዝመቱ የሚሰላው በእሱ ላይ ነው። ይህ መስመር ውፍረቱ መሃል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ውስጠኛው ፊት ጠጋ ይላል። ለተራ ብረት በዚህ ዓይነት እጥፋት ከውስጥ ሲለካ ከውፍረቱ 0.42 ገደማ ላይ ነው፤ ይህን K እንለዋለን። R የውስጡ ክብ ራዲየስ፣ T ውፍረቱ ሲሆኑ፦

```
BA = 1.571 × (R + K × T)
BD = 2 × (R + T) − BA
```

BA መታጠፊያው ራሱ የሚበላው የላሜራ ርዝመት ነው፤ BD ደግሞ ከውጭ ልኬቶች ድምር ላይ የሚቀነሰው። R 2፣ T 2 ብለህ ብታሰላ BA 4.46፣ BD 3.54 ይመጣል። ከለካኸው 3.55 ጋር ይገጥማል፤ ልኬትህ ትክክል ነበር ማለት ነው።

አሁን መስመሩን 40 ላይ አታስምር። ቅናሹ ከመታጠፊያው በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚካፈል፣ ከጫፍ 40 ሲቀነስ 1.8፣ ማለትም 38.2 ላይ አስምር። በሁለቱ መስመሮች መካከል 56.5 ይቀራል፤ 38.2፣ 56.5 እና 38.2 ደግሞ 132.9 ይሞላሉ። እኩል መካፈሉንም ብራኬቷ ራሷ አሳይታሃለች፤ እያንዳንዱ እግር የረዘመው በ1.8 ነው፣ የ3.55 ግማሽ። በእጅ በሚታጠፍበት ማሽን ግን መስመሩ የሚቀመጠው ከመያዣው ከንፈር አንጻር ስለሆነ ይህ ግማሽ ላይሠራ ይችላል። ጠቅላላው ርዝመት የሚሰላው በዚያው መንገድ ነው፤ የመስመሩን ቦታ ግን በቁራጭ ሞክረህ አግኘው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ሁልጊዜ የሚሠራ አድርጎ መያዙ ላይ ነው። ራዲየሱን የሚወስነው በዋናነት ከታች ያለው የቪ አፍ ስፋት ነው፤ ለተራ ብረት ራዲየሱ የስፋቱ 16 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ12 ሚሊ ቪ ወደ 2፣ በ16 ቪ ወደ 2.6 ይመጣል። ቪው ከ12 ወደ 16 ሲቀየር ቅናሹ ከ3.54 ወደ 3.8 ይወጣል፤ በሁለት መታጠፊያ ግማሽ ሚሊ ልዩነት ነው። የምታሳጥፈው አዳማ ውስጥ በሌላ ሰው ማሽን ከሆነ፣ በስንት ቪ እንደሚያጥፉልህ ሳትጠይቅ ላሜራውን አትቁረጥ።

ውፍረቱንም በካሊፐር ለካ። 2 ሚሊ ተብሎ የተገዛው 1.8 ሆኖ ቢገኝ ቅናሹ ወደ 3.27 ይወርድና የሚቆረጠው 133.5 ገደማ ይሆናል። ስቴንለስ ወይም አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ይህን ቁጥር አትጠቀም። ከዚያው ላሜራ 100 ሚሊ ቁራጭ መሃሉ ላይ አንዴ እጠፍ፣ ሁለቱን እግሮች ከውጭ ለክተህ ደምር፣ 100 ቀንስ፤ የተረፈው ቅናሽህ ነው።

ከመለካትህ በፊት ማእዘኑን በስኳድራ ፈትሽ። ላሜራ ከፓንቹ ሲለቀቅ ትንሽ ይከፈታል። 40 ሚሊ እግር 2 ዲግሪ ብቻ ቢከፈት ጫፉ 1.4 ሚሊ ይወጣል፤ የመሃሉን ስፋት ጫፍ ላይ ከለካህ ቅናሽህን በሙሉ ያሳስትብሃል። መሃሉን ሥሩ አጠገብ ለካ።

እግሩ ላይ ቀዳዳ ካለ፣ ሳይታጠፍ የምትበሳው ከነጻው ጫፍ ለክተህ ይሁን። ከመሃሉ የውጭ ፊት 25 ላይ መሆን ያለበት ቀዳዳ ከጫፉ 15 ላይ ይበሳል፤ በዚህ ልኬት ውስጥ መታጠፊያው ስለማይገባ ምንም አይቀነስም። የቀዳዳው ጠርዝ ግን ክቡ ከሚያልቅበት ቢያንስ 4 ሚሊ ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ላሜራው ሲለጠጥ ቀዳዳው ይሞልልና ቡሎኑ አልገባ ይላል።