ዘይቱን በዘይት፣ ቀለሙን በፀሐይ

ጥያቄ፦ «እህቶቼ፣ ዶሮ ወጥ ያስቀመጥኩባቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ብርቱካንማ ሆነው ቀሩ። በሳሙና አሸሁ፣ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ ምንም አልለቀቀም። ልጣላቸው ወይስ መላ አለው?»

አትጣያቸው እህቴ፣ አብዛኞቹ ይድናሉ። የበርበሬ ቀለም ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ዘይትና ቅቤ ውስጥ ግን በደንብ ይሟሟል። ቁሌቱ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ዘይት ታውቂዋለሽ፣ ቀለሙ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ፕላስቲኩም የሚስማማው ከዘይት ጋር ነው። ወጡ ትኩስ ሆኖ ሲገለበጥበት ደግሞ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ቀለሙን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ያለሽ እድፍ ሁለት ነው። አንዱ ላዩ ላይ የቀረ ቀይ ዘይት ነው፣ ሌላው ፕላስቲኩ ውስጥ የገባ ቀለም። ሳሙና የሚደርሰው የመጀመሪያው ጋ ብቻ ነው።

በቅርቡ የእህቴን ዕቃ ያስለቀቅኩበትን ልንገርሽ። ክዳን ያለው ነጭ የምሳ ዕቃ ነው፣ ሥጋ ወጥ ፍሪጅ ውስጥ አድሮበት በማይክሮዌቭ ተሞቆበታል። መጀመሪያ ውሃ ሳላስነካ በደረቅ ሶፍት ጠረግኩት። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሬ ጎኑንም ማዕዘኑንም በሶፍት አሸሁት፣ ሩብ ሰዓት ያህልም ተውኩት። ሶፍቱ ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። ሶፍቱ ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ በአዲስ ዘይትና በአዲስ ሶፍት ደገምኩት። ዘይት በዘይት ይለቃል ስልሽ እንዳይገርምሽ፣ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ይልቅ ወደ አዲሱ ዘይት ቢሄድ ይመርጣል።

ቀጥሎ ላርጎ ነው፣ እሱም በደረቁ። ውሃ ቀድሞ ከገባ ሳሙናው ይቀጥንና ዘይቱን ሳይዝ ያልፋል። በለስላሳ እስፖንጅ ካሸሁ በኋላ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ አለቀለቅኩት። ዘይቱ መውጣቱን ለማወቅ እርጥቡን ዕቃ በአውራ ጣትሽ ፈትጊው። ካንሸራተተ ዘይት አለው፣ ድገሚው። ሲጥ ሲጥ ካለ የቀረው ቀለም ብቻ ነው። በሽቦ ግን በፍጹም እንዳትነኪው። የሚጫረው ቦታ ሁሉ ለሚቀጥለው ወጥ መደበቂያ ይሆናል።

የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰዋል። በርበሬ ስታሰጪ ፀሐይ ከበዛበት እንደሚነጣ አይተሻል፣ እዚህም የሚሠራው ያው ነው። ብርሃኑ ቀለሙን ይሰባብረዋል። አፉን ወደ ፀሐይ አድርገሽ ውጭ አስጪው፣ ክዳኑንም ውስጡ ወደ ፀሐይ እንዲሆን ገልብጪው። በበጋ ፀሐይ በአንድና በሁለት ቀን ለውጡን ታያለሽ፣ በክረምት ይቆያል። በመስኮት መስታወት በኩልም ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። የአልጫ እርድ ከበርበሬውም ፈጥኖ ይለቃል። እርዱ ሳሙና ሲነካው ቀላ ካለ አትደንግጪ፣ ጠባዩ ነው፣ ሲለቀለቅ ይመለሳል።

ፀሐይ የማይገኝበት አገር ለምትኖሩ በረኪና አለ። ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ዘይቱ ቀድሞ ካልወጣ በረኪናው ቀለሙ ጋ አይደርስም። ከአቼቶም ከሎሚም ጋር በጭራሽ አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ።

የእህቴ ዕቃ ታችኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ነጣ። የወጡ የላይኛው ጠርዝ የነበረበት ቀለበት ግን ደብዘዝ ብሎ ቀርቷል። ሲዳሰስም ሻካራ ነው። ዘይቱ ወጡ ላይ ይንሳፈፋል፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ ዘይት ውሃ ከሚፈላበት 100 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ፕላስቲኩን እዚያ ቦታ ላይ አቅልጦ ይሰረጉደዋል። እንዲህ ያለውን የሚመልስ ነገር የለም። ቀለሙ ራሱ የምግብ ቀለም ስለሆነ አይጎዳም፣ ችግሩ የሻከረው ቦታ ነው፤ ዘይትና ሽታ ይይዛል። እሱን ዕቃ ለምስር ክክ ወይም ለሌላ ደረቅ እህል አድርጊው።

ለወደፊቱ ወጡን አቀዝቅዘሽ ገልብጪ። ስታሞቂም ወደ መስታወት ወይም ወደ ሸክላ ሳህን አዛውሪው። ክዳኑ የጎማ ቀለበት ካለው ደግሞ አውጥተሽ ለብቻው እጠቢው፣ ከሥሩ የሚቀረው ቀይ ዘይት ያጠብሽውን ዕቃ እንደገና ያቀልመዋል።