ጋሼን ከሊንክድኢኑ ለምን ቆረጥሻቸው?

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ መቀመጫ አሳጣችኝ። በምሠራበት የሲሚንቶ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ኢንስታግራም ላይ እማዬን አቅፌ የተነሳሁትን ፎቶ ለጥፌ፣ ታይዋን ገበያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እንዴት እንዳስተማረችን ጻፍኩ። ሥራውን ያስተማሩኝን ጋሼንም አመሰገንኩ፤ ያ የውሃው ታሪካቸውም ነበረበት። ሊንክድኢን ላይ ግን «ይህን ኃላፊነት መረከቤን ስገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል» ብዬ በቁምነገር አሳጠርኩት፤ ሁለቱንም ጽሑፎች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እህቴ ሁለቱን አይታ «ሁለት ምላስ! እዚያ እናት አለሽ፣ እዚህ ራስሽን ወልደሻል» አለችኝ። ሰንበቴም ላይ፣ ቡና ላይም ይሄንኑ ታነሳለች። ሥራና ቤት አንድ ነው እንዴ?

ጋሼ አምና በቅነሳ ወጥተው የማማከር ሥራ እየፈለጉ ነው። ኢንስታግራም የላቸውም። የሊንክድኢኑን አይተው «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» ብለውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ስደውል ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ። ላጥፋው ይሆን?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

አታጥፊው።

እህትሽ ተሳስታለች። ለቅሶ ቤት የምታወሪበትን ድምፅ ይዘሽ ስብሰባ አትገቢም፤ ይህን ያደረገ ሰው ሁለት ምላስ አይባልም። እማዬን ከሊንክድኢኑ ማውጣትሽም ልክ ነው። ኢንስታግራም ላይ የሚያይሽ ሰው እናትሽን ያውቃታል፤ ፎቶው ራሱ ግማሹን ነግሮታል። ሊንክድኢን ላይ የሚያነብሽ የሌላ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ግን ስለ አንቺ ማወቅ የሚፈልገው ምን መሥራት እንደምትችዪ ነው።

ያናደደኝ ሌላ ነው። «ያ የውሃው ታሪክ» ብለሽ በሦስት ቃል ያለፍሽው! ይህን ታሪክ ድሬዳዋ ውስጥ ሲሚንቶ የሚፈትሽ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው፤ አንቺ ግን ለአክስቶችሽ ነግረሽ ከባለሙያዎቹ ደበቅሽው። ምስጋና ሁሉ የቤት ነገር ነው ብለሽ ነው እንጂ፣ የእማዬ ምስጋና የፍቅር፣ የጋሼ ምስጋና የሙያ ነው። ሰውየው በሌሉበት አመስግነሽ ባሉበት ዝም አልሽ። ያውም ስማቸው ሥራ ሊያስገኝላቸው በሚችልበት ቦታ።

አሁን ጽሑፉን እናስተካክለው። ሊንክድኢን ረዘም ካለ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የሚያሳየው ሦስት መስመር ያህል ነው፤ ቀሪውን ሰው ተጭኖ ነው የሚከፍተው። አንቺ እነዚያን መስመሮች በ«ታላቅ ደስታ» ጨርሰሻቸዋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ከዚህ ወር ጀምሮ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪውን እመራለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ (ሙሉ ስማቸው) ናቸው። የ2 ቀን የጥንካሬ ውጤት ከወትሮው ከፍ ሲል ሌሎቻችን ደስ ሲለን፣ እሳቸው ናሙናው የሚያድርበትን ውሃ ለኩ አሉን። 20 ዲግሪ አካባቢ መሆን የነበረበት ውሃ በድሬ ሙቀት ሞቆ ነበር። የሞቀ ውሃ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥንካሬ ያፋጥናል፤ የ28 ቀኑን ግን ከፍ አያደርግም። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትሩን ሳላይ ውጤት አልፈርምም።»

«እንደ አባቴ ናቸው» የሚለው የለበትም፤ እሱ ኢንስታግራም ላይ ይቆይ። እዚህ ሰውየው ምን እንደሚያውቁ ነው የተነገረው፣ የአንቺም ጥንቃቄ አብሮ ታይቷል። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂ፦ ቀን፣ የምርት ቁጥርና የደንበኛ ስም አይግባ፤ ታሪኩ የአፈታተሽ ትምህርት ሆኖ ይቅር እንጂ የፋብሪካው ጉድ አይምሰል። ሥራ እንደሚፈልጉም ሳትጠይቂያቸው አትጻፊ። ያን መናገር የእሳቸው ፈንታ ነው።

የተለጠፈውን ከሦስቱ ነጥቦች ገብተሽ ማስተካከል ትችያለሽ፤ «ተስተካክሏል» የሚል ምልክት ይወጣበታል፣ እሱ ምንም አይደል። ችግሩ መጀመሪያ ያነበበው ሰው ተመልሶ አያየውም። ስለዚህ በራሳቸው ገጽ ላይ የምስክርነት ቃል ጻፊላቸው፤ ሊንክድኢን ለዚህ የተለየ ቦታ አለው። ጽሑፉ መጀመሪያ ለእሳቸው ይደርሳል፣ ሲቀበሉት ነው ለሌላው የሚታየው። ልጥፍ በቀናት ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይሄ ግን ገጻቸውን የከፈተ ቀጣሪ ሁሉ የሚያገኘው ነው። «የላቦራቶሪ ኃላፊ» የሚለው አዲሱ ማዕረግሽም ከስምሽ ሥር ስለሚወጣ ቃልሽ ክብደት ይኖረዋል። የውሃውን ታሪክ እዚያም ጻፊው፣ ባጭሩ።

ከዚያ በፊት ግን ደውዪላቸው። ይቅርታ አታብዢባቸው፤ የጻፍሽውን አንብቢላቸውና የውሃውን ነገር በትክክል መናገርሽን ያርሙልሽ።